የዓላማ መግለጫና የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ፦ የአንድ ሰው የሥራ ልምድ ለሁለት አንባቢ እንዴት ይጻፋል?

ለሥራ የተጻፈ ከቨር ሌተር ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ካለ፣ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ሲያመለክቱ "ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ"፣ ማለትም የዓላማ መግለጫ፣ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ያንኑ ከፍቶ መነካካት ይቀላል። የድርጅቱ ስም በዩኒቨርሲቲው ስም ይተካል፣ "የሥራ መደብ" የሚለው "ፕሮግራም" ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ "ዕድሉ ቢሰጠኝ" የሚል ይታከላል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ የተዋሸ ነገርም የለበትም። ችግሩ ጽሑፉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ መመለሱ ነው።

ሁለቱ የሚመሳሰሉት ሁለቱም ስለ ራስ የሚጻፉ በመሆናቸውና ከአንድ ሁለት ገጽ ስለማይበልጡ ነው። የሚለያዩት ጥያቄው የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ለሥራ ሲያመለክቱ ጥያቄውን ያወጣው ቀጣሪው ነው፤ በማስታወቂያው ላይ "ይህን ይህን የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ" ብሏል፤ አመልካቹም "ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ማስረጃዬም ይኸው" ይላል። የዓላማ መግለጫ ላይ ግን ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው አመልካቹ ራሱ ነው፦ "ይህ ነገር አልገባኝም፤ በራሴ እዚህ ድረስ ሄጄበታለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ለመሄድ እናንተ ዘንድ ያለው ያስፈልገኛል።" የአንቀጽ ቅደም ተከተሉ፣ ርዝመቱ፣ ስለ ውድቀት ማውራት መቻል አለመቻሉ፣ ሁሉም የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ወረቀቱ ማን ጠረጴዛ ላይ ያርፋል?

ከቨር ሌተሩን መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነው። ከጎኑ የሥራ ማስታወቂያው አለ፣ ማስታወቂያው ላይም የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ ዓመት፣ ቋንቋ፣ የሥራ ቦታ የሚሉ መስፈርቶች ተዘርዝረዋል። የዚህ አንባቢ ውሳኔ ጠባብ ነው፦ ይህ ሰው ለፈተና ወይም ለኢንተርቪው ይጠራ ወይስ አይጠራ? ሙያውን በጥልቀት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው መስፈርቱን በራሱ በማስታወቂያው ቃል ሊያሳየው ይገባል። ማስታወቂያው "የመስክ ናሙና አሰባሰብ" ካለ፣ ደብዳቤውም "የመስክ ናሙና አሰባሰብ" ይበል፤ ለውበት ተብሎ በሌላ ቃል መተካት ልምዱን ከአንባቢው መደበቅ ነው። ርዝመቱ አንድ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከ250 እስከ 400 ቃል ይበቃዋል። ዝርዝሩ ሲቪው ላይ አለ፤ ደብዳቤው ሲቪው ውስጥ የትኛው መስመር መነበብ እንዳለበት የሚጠቁም ጣት ነው።

የዓላማ መግለጫውን የሚያነቡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ ለፒኤችዲ፣ የሚያነቡት የዲፓርትመንቱ መምህራን ናቸው፤ ተቀባይነት ያገኘው ተማሪ ነገ እነሱ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገባ ነው። ከጎናቸው ትራንስክሪፕት፣ ሲቪና ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ተቀምጧል። ውጤት ስንት እንደሆነ ያውቃሉ፣ የት እንደተሠራም ያውቃሉ። ከእነዚያ ወረቀቶች ሊያገኙት የማይችሉት አንድ ነገር ቀርቷቸዋል፦ ይህ ሰው እንዴት ያስባል? አስተማሪ በሌለበት፣ መልሱ መጽሐፍ ላይ ባልተጻፈ ነገር ላይ ብቻውን ስንት እርምጃ ሄዷል? የሚፈልገውን የሚያማክር ሰው እኛ ዘንድ አለ? የአሜሪካ ፒኤችዲ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ወጪውም ብዙ ጊዜ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት በራሱ በዩኒቨርሲቲው ይሸፈናል። ስለዚህ ኮሚቴው የሚወስነው የብዙ ዓመት ጉርብትናን ነው። ለዚህ ነው ከ500 እስከ 1000 ቃል የሚፈቅደው። (ፕሮግራሙ የራሱን ገደብ ካስቀመጠ ግን ገደቡ ሕግ ነው፤ የማመልከቻ ቅጹ ሳጥን ትርፉን ቆርጦ የሚጥልበት ጊዜ አለ።)

አንድ አመልካች፣ ሁለት ፋይል

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት አመልካች እናስብ። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ተምራለች። ከተመረቀች በኋላ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ዞን የውኃ ጽሕፈት ቤት ሦስት ዓመት ሠርታለች። የዕለት ሥራዋ ከጥልቅ ጉድጓዶች ናሙና መውሰድ፣ ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ ውጤቱን መመዝገብ ነው። የአካባቢው ትልቅ ችግር ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ይሰጣሉ፤ የልጆች ጥርስ የሚበልዘውም ከዚህ የተነሣ ነው። አመልካቿና ቁጥሮቿ ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው፤ ችግሩ ግን እውነተኛ ነው።

በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር አየች። አንደኛው ባቱ አካባቢ የሚሠራ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ያወጣው የውኃ ጥራት ባለሙያ ማስታወቂያ ነው፦ ሦስት ዓመት ልምድ፣ የመስክ ናሙና አሰባሰብ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ አፋን ኦሮሞ፣ መስክ ለመውጣት ፈቃደኝነት። ሁለተኛው የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራም ነው።

ለሥራው የምትጽፈው እንዲህ ይጀምራል፦

"ለውኃ ጥራት ባለሙያ የሥራ መደብ አመለክታለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት በዞን ውኃ ጽሕፈት ቤት ከ38 ጥልቅ ጉድጓዶች በየሦስት ወሩ የመስክ ናሙና አሰባስቤያለሁ፤ የፍሎራይድ መጠናቸው ከ1.5 ሚሊግራም በላይ የሆኑትንም ለየወረዳው ሪፖርት አድርጌያለሁ።"

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአምስቱ መስፈርቶች ሦስቱ ተመልሰዋል። ቀጣዩ አንቀጽ አንድ ውጤት ብቻ ይነግራል። ለምሳሌ ሥራ ስትጀምር ከየዙሩ 38 ናሙና ዘጠኙ መለያው ተፍቆ ወይም ቀኑ ሳይጻፍበት ከላቦራቶሪ ይመለስ ነበር። ጉድጓዱ ዳር የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀች፣ መለያውንም ውኃ በማያስለቅቀው ቀለም አስጻፈች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመለሰው ከዙር አንድ ሆነ። ሦስተኛው አንቀጽ አጭር ነው፦ አፋን ኦሮሞ እንደምትናገር፣ ባቱ ሆና መሥራት እንደምትችል፣ በስንት ቀን ሥራ መጀመር እንደምትችል። አለቀ። ፍሎራይዱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን በአንዱ ጉድጓድ በዝቶ በሌላው እንዳነሰ አንድም ቃል የለም። ቀጣሪው አልጠየቀም። ጉድጓዱ በጊዜው ናሙና እንዲወሰድለትና ሪፖርቱ እንዲደርሰው ነው የሚፈልገው።

የዓላማ መግለጫው የሚጀምረው ከቨር ሌተሩ ዝም ባለበት ላይ ነው፦

"አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ በሊትር 1.1፣ ሌላው 6.4 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይሰጣሉ። ይህ ልዩነት በሦስት ዓመት ልኬት ውስጥ ወቅት ሳይለይ ጸንቶ ቆይቷል። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ፕሮፌሰሩ እዚህ ላይ ቀና ይላል። ጥያቄው ትንሽ ነው፣ የሚለካ ነው፣ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከሥራ ላይ የተገኘ ነው። "የአፍሪካን የውኃ ችግር ለመፍታት እፈልጋለሁ" ከሚለው ጋር ያስተያዩት፤ የኋለኛውን ማንም ሰው፣ ጉድጓድ አይቶ የማያውቅም ቢሆን፣ ሊጽፈው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ክፍል ነው፦ በጥያቄው ላይ ምን አደረገች? መጀመሪያ የገመተችው ጥልቀት ነው። የቁፋሮ መዝገቦችን አገኘች፣ የ38ቱን ጉድጓዶች ጥልቀት ከፍሎራይዳቸው ጋር አስተያየች። በጥቅሉ ጥልቁ ይበዛበታል፤ ነገር ግን ስድስት ጉድጓዶች ደንቡን አፈረሱ፤ ከላይ የጠቀሰቻቸው ሁለቱም ከእነዚያ ነበሩ። ግምቷ አልሠራም። ከዚያ የላቦራቶሪውን ሌሎች ውጤቶች ስታይ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች ካልሲየማቸው አነስተኛ ሆኖ አገኘችው። ይህ በኬሚስትሪ የሚታወቅ ነገር ነው፦ ካልሲየም በውኃው ውስጥ ሲበዛ ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጣል፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት በበዛበት፣ ካልሲየም ባነሰበት ውኃ ግን ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ታዲያ ጥያቄው ተቀየረ፦ ካልሲየሙ በአንዱ ጉድጓድ ለምን አነሰ? ውኃው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር የቆየበት ጊዜ ይለያይ ይሆን?

እዚህ ላይ ያላት መሣሪያ አለቀ። የውኃውን ዕድሜ የሚለካ የአይሶቶፕ ትንታኔ ጽሕፈት ቤቷ የለውም፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰትን በሞዴል ማስላትም አልተማረችም። ይህ ዓረፍተ ነገር ከመግለጫው ሁሉ ወሳኙ ነው፤ ለምን መማር እንደሚያስፈልጋት የሚያስረዳው እሱ ነውና። ዲግሪ ለመጨመር ሳይሆን፣ መንገዱ እዚያ ላይ ስለተቆረጠ ነው የምታመለክተው። ይህ ከተባለ በኋላ "ለምን እዚህ ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ለመጻፍ አይከብድም፦ የአይሶቶፕ ላቦራቶሪ አላቸው፣ በእሳተ ገሞራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የሚሠሩ ሁለት መምህራን አሉ፣ የአንዳቸው ጥናት ከእሷ ስድስት ጉድጓዶች ጋር የሚገናኘው በዚህ በዚህ ነው።

ወደ 800 ቃል ቢሰጣት ለጥያቄው 120 ያህል፣ ለሠራችው 350፣ ለጎደላትና ማጥናት ለምትፈልገው 180፣ ለዩኒቨርሲቲው 100፣ ከምረቃ በኋላ ለምታስበው 50 ብታደርግ ይመጥናል። ቁጥሩ ሃይማኖት አይደለም፤ ግማሽ የሚጠጋው ቦታ ለሠራችውና ላሰበችው መዋሉ ግን ሊጠበቅ ይገባል።

ያ የመለያ ቅጽ የት ገባ? በከቨር ሌተሩ ዋናው ጀግና እሱ ነበር። በዓላማ መግለጫው ግን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "የናሙና አያያዙን ካስተካከልን በኋላ የተወሰዱትን ልኬቶች ብቻ ተጠቀምኩ።" ለቀጣሪው ቅጹ ሥራ የማሻሻል ችሎታ ነው፤ ለፕሮፌሰሩ ቁጥሮቹ የሚታመኑበት ምክንያት ነው። በአንጻሩ ያልሠራው የጥልቀት ግምት ከቨር ሌተሩ ውስጥ ቦታ የለውም፣ የዓላማ መግለጫው ግን የጀርባ አጥንቱ ነው። ተመራማሪ የሚሆን ሰው ግምቱ ሲፈርስ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ዘንድ ውድቀቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

አንዱ ወደ ሌላው ሲገባ

ከከቨር ሌተር ወደ ዓላማ መግለጫ ከሚሻገሩት ልማዶች ክፉው ራስን በቅጽል ማወደስ ነው፦ "ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም።" ለሥራ ሲሆን እንኳ ደካማ ነው፤ ለፕሮፌሰር ሲሆን ደግሞ ምንም አይነግርም። ስለ ጠባይ የሚመሰክሩት የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ናቸው። የጽሑፉን ቅጽሎች በሙሉ አጥፍቶ ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ቀሪው ባዶ ከሆነ መጀመሪያም ባዶ ነበር።

ሁለተኛው ሲቪን በዓረፍተ ነገር መድገም ነው። "በ2013 ዓ.ም. ተመረቅሁ፣ ከዚያ በዚህ ተቀጠርሁ፣ ከዚያ ሥልጠና ወሰድሁ" እያለ በዓመት ቅደም ተከተል ይወርዳል። ከቨር ሌተር ላይ አጭር ከሆነ ይታለፋል። የዓላማ መግለጫ ግን በጥያቄ እንጂ በካላንደር አይመራም። አንቀጾቹን ቆርጦ ቦታቸውን ማቀያየር ይሞከር፤ ቦታቸው ቢቀየርም ምንም ካልተበላሸ ጽሑፉን የያዘው ክር የለም ማለት ነው። በምሳሌያችን ካልሲየሙ ከጥልቀቱ በፊት ሊመጣ አይችልም፤ ካልሲየሙን እንድታይ ያደረጋት የጥልቀቱ መፍረስ ነው።

ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲውን ማሞገስ ነው። በማመልከቻ ደብዳቤያችን "የተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ" ማለት ወግ ነው፣ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ጨዋነት ነው። "በዓለም የታወቀው ዩኒቨርሲቲያችሁ" የሚለው ግን ለዚያ ዩኒቨርሲቲ መምህር አዲስ ዜና አይደለም፤ ደረጃቸውን እነሱም ያውቁታል። የዩኒቨርሲቲውን ስም አውጥተው የሌላ ቢያስገቡበት ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ከቆመ ይውጣ። የመምህራንን ስም መጥቀስ ይህን ያስተካክላል ተብሎ አምስት ስም መደርደርም አለ፤ ያ ደግሞ ድረ ገጹ መከፈቱን ብቻ ያሳያል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፣ ለእያንዳንዱም ከአመልካቹ ጥያቄ ጋር የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑረው። ከመጻፍ በፊት መምህሩ ጡረታ አለመውጣታቸውን፣ ወደ ሌላ ቦታ አለመዛወራቸውን፣ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። በኮርስ ብቻ ለሚያልቅ ማስተርስ ስም መጥቀስ ያን ያህል ግድ አይደለም፤ እዚያ ላይ የትኛው ኮርስ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ይሻላል።

ከልጅነት መጀመርም ብዙ ይታያል። "ከልጅነቴ ጀምሮ ውኃ እወድ ነበር" የሚል መክፈቻ ከከቨር ሌተር አልመጣም፤ የዓላማ መግለጫን ከሕይወት ታሪክ ጋር ከማምታታት የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕይወት ታሪክ የተለየ ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ከዓላማ መግለጫው ሌላ "ፐርሰናል ሂስትሪ ስቴትመንት" ይጠይቃል። ያደጉበት ቤት፣ ያለፉበት ችግር፣ ለማኅበረሰቡ ያደረጉት እዚያ ነው የሚገባው። ሁለቱንም የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ መላክ ከሁለት ቦታ አንዱን ማባከን ነው።

ስለ ዝቅተኛ ውጤትም ሕጉ ይለያያል። ከቨር ሌተር ላይ አይነሣም። የዓላማ መግለጫ ላይ ግን ትራንስክሪፕቱ ከጎን ስላለ አንባቢው አይቶታል፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጋ የወረደ ሴሚስተር ካለ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ተናግሮ፣ በኋላ በዚያው ትምህርት የመጣውን የተሻለ ውጤት አሳይቶ ማለፍ ይገባል። አንድ አንቀጽ ሙሉ ከሆነ ማስተዛዘኛ ይመስላል።

አሁን በተቃራኒው አቅጣጫ። ከዓላማ መግለጫ ወደ ሥራ ማመልከቻ የሚገባው ስሕተት አንድ ነው፣ ግን ከባድ ነው፦ መማርን መለመን። "በድርጅታችሁ ልምድ ለመቅሰም"፣ "ዕውቀቴን ለማሳደግ"፣ "ለወደፊቱ የማስተርስ ትምህርቴ መሠረት እንዲሆነኝ።" ዩኒቨርሲቲ የሚጎድልህን መንገርህን ይወድዳል፤ ሊያስተምርህ ነዋ። ቀጣሪ ግን የሚከፍለው ለራሱ ለሚጎድለው ነገር ነው። የማስተርሱ ዕቅድ ደግሞ ጆሮው ላይ "በዓመቱ እሄዳለሁ" ሆኖ ነው የሚሰማው። አዲስ ተመራቂም ቢሆን ከመመረቂያ ጽሑፉ ወይም ከተግባር ልምምዱ አንድ የሠራውን ነገር አውጥቶ፣ በማስታወቂያው ቃል ሊናገረው ይችላል።

ስለ ቅርጹ ጥቂት

በአማርኛ የሚጻፍ የሥራ ማመልከቻ የታወቀ ወግ አለው፦ ቀን በስተቀኝ፣ "ለ" ብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ከተማው፣ ከሥሩ "ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ"፣ ከዚያ አካሉ፣ "ከሰላምታ ጋር"፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ አባሪ ካለ የአባሪው ገጽ ብዛት። የእንግሊዝኛው ከቨር ሌተርም ደብዳቤ ነው፤ አድራሻ፣ ሰላምታ፣ ስንብት አለው፣ የመደቡ መጠሪያና የማስታወቂያው ቁጥር ካለም መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። የደመወዝ ጥያቄ ማስታወቂያው ካልጠየቀ አይገባም።

የዓላማ መግለጫ ግን ደብዳቤ አይደለም። ሰላምታ የለውም፣ "ጉዳዩ" የለውም፣ ፊርማ የለውም። ከላይ ስምና የሚያመለክቱበት ፕሮግራም ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ ነገሩ ነው። "የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት" ብሎ መክፈት፣ "ምላሻችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ" ብሎ መዝጋት አመልካቹ የደብዳቤ ፋይል ከፍቶ እንደጀመረ ወዲያው ይናገርበታል።

መሃል ላይ ያሉት

ስሙ ብቻውን የማይነግረን ጊዜ አለ። አውሮፓ ውስጥ "ሞቲቬሽን ሌተር" የሚባለው ለትምህርትም፣ ለስኮላርሺፕም፣ ለሥራም ይባላል። ማየት ያለብን ከሥሩ የተጻፈውን መመሪያ ነው። ለምሳሌ ዳአድ የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እንግዲህ የእሱ ሞቲቬሽን ሌተር ሦስተኛ አንባቢ አለው ማለት ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጠው አካል ትምህርቱ አሁን ካለው ሥራና ከአገር ልማት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ማየት ይፈልጋል። ያቺ አመልካች ለዚህ ብትጽፍ የስድስቱ ጉድጓዶች ጥያቄ አይጠፋም፤ ግን ለአሜሪካው 50 ቃል የሰጠችው "ከምረቃ በኋላ" የሚለው ክፍል ወደ ሙሉ አንቀጽ ያድጋል፦ ተመልሳ የት መሥሪያ ቤት፣ ምን ዓይነት ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለውን ውሳኔ እንዴት እንደምትለውጥ።

እንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ ዩካስ በተባለው የማመልከቻ ማዕከል በኩል የሚያመለክቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ለሚጀምር ትምህርት ነፃ ድርሰት መጻፉ ቀርቶላቸዋል፤ በምትኩ ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ፤ በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ጨምሮ በድምሩ 4000 ፊደል ይፈቀድላቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ቢያንስ 350። ጥያቄዎቹ ስለ ትምህርቱ ምርጫ፣ ስለ ትምህርት ዝግጅትና ከትምህርት ቤት ውጪ ስላለ ዝግጅት ናቸው። ቅርጹን እነሱ ስለሰጡ አመልካቹ የሚያዋቅረው አይኖርም።

ከሁሉ የሚያምታታው የስዊድን፣ የኖርዌይና የኔዘርላንድስ ፒኤችዲ ነው። በእነዚህ አገሮች የፒኤችዲ ቦታ ብዙ ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ ሆኖ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ፕሮጀክቱን የቀረጸው መምህሩ ነው፣ መስፈርቱም ተዘርዝሯል። ስለዚህ ጥያቄው እንደ ሥራ የቀጣሪው ነው፤ ሥራው ግን ማሰብ ስለሆነ እንዴት እንደሚያስቡ ማሳየትም ግድ ነው። ያቺ አመልካች በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ ስትጽፍ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከከቨር ሌተሯ ትወስዳለች፤ የቦታው መጠሪያ፣ የሦስት ዓመቱ ናሙና፣ በማስታወቂያው ቃል። መሃሉን ከዓላማ መግለጫዋ ትወስዳለች፤ የጥልቀቱ ግምት፣ መፍረሱ፣ ካልሲየሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከሁለቱም አይገኝም። የራሷን ጥያቄ ይዛ "ይህን ላጥና" ማለት አትችልም፣ ፕሮጀክቱ ተቀርጿልና፤ ስለዚህ በስድስቱ ጉድጓዶች ላይ የተማረችው በፕሮጀክቱ ውስጥ የትኛውን ክፍል ለመሥራት እንደሚያገለግላት፣ የትኛውን ዘዴ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት መማር እንዳለባት በአንድ አንቀጽ ትጽፋለች። ሰላምታና ፊርማም ይኖረዋል፣ ደብዳቤ ነውና፤ ርዝመቱ ማስታወቂያው ሌላ ካላለ ከአንድ ተኩል ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።